የመልሕቁ ታሪክ በዐሥር ደቂቃ

ስለ አስተሳሰብ ዝንፈት የዐሥር ደቂቃ ገለጻ አዘጋጁ የተባሉ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ይዘው የሚቀርቡት የስም ዝርዝር ነው። ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ አምስት የዝንፈት ዓይነቶች ይደረደራሉ፤ ለእያንዳንዱ የአንድ መስመር ፍቺና አንድ ምሳሌ ይሰጥና ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ሰዓቱ ሲሞላ አድማጩ ስሞቹን ሰምቷል፤ አንዱም ግን በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ሲሠራ አላየም። ከዚህ የባሰው ጉዳት፣ ስሙን ብቻ የያዘ ሰው ስሙን የሚለጥፈው በሌላው ላይ መሆኑ ነው። የጎረቤቱን፣ የተከራካሪውን፣ የአለቃውን ዝንፈት ለይቶ ያወጣል፤ የራሱ ውሳኔ ግን እንደ ቀድሞው የቀና ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ዐሥሩ ደቂቃ ለአንድ ዝንፈት ብቻ ቢውል፣ ያም ዝንፈት በተገኘበት የጊዜ ቅደም ተከተል ቢተረክ ይሻላል እላለሁ። ቅደም ተከተሉን የምመርጠው ለታሪክ ካለኝ ፍቅር የተነሣ አይደለም። የዘርፉ ተመራማሪዎች ከአንዱ ሙከራ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ በአብዛኛው መቃወሚያ እየመለሱ ነበር። ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ተማሪም በልቡ የሚያነሣቸው መቃወሚያዎች እነዚያው ናቸው፤ የሚያነሣቸውም ያንኑ ተራ ጠብቆ ነው ማለት ይቻላል።

ዝንፈት ስንል ማንኛውንም ስሕተት ማለታችን እንዳልሆነ አቅራቢው በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳ ይበቃዋል። የገበያ ሚዛን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያደረገ የሚያሳስት ከሆነ ደጋግመን ስንመዝን ስሕተቱ እርስ በርሱ ይካካሳል፤ ሁልጊዜ ሃምሳ ግራም የሚጨምር ከሆነ ግን መቶ ጊዜ ብንመዝንም አይካካስም። ዝንፈት ይህ ሁለተኛው ነው፤ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ስሕተት። ለገለጻው የሚሆነው ደግሞ ተመራማሪዎች መልሕቅ የሚሉት ይመስለኛል። ለአንድ ነገር ግምት ከመስጠታችን በፊት የሰማነው ቁጥር ግምታችንን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ መርከብ መልሕቋን ከጣለችበት ቦታ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ትላለች እንጂ ርቃ አትሄድም። ጨርቅ ሻጩ መጀመሪያ የጠራው ዋጋ፣ ደላላው ስለ ቤት ኪራይ የጣለው ቁጥር፣ ግንበኛው በስንት ቀን እጨርሳለሁ እንዳለ፣ ቀጣሪው ደመወዝህ እስከ ዛሬ ስንት ነበር ብሎ የጠየቀው፣ እነዚህ ሁሉ የየቀኑ መልሕቆች ናቸው።

በሥነ ልቦና መልሕቅ ቀደም ብሎ ከተጠናባቸው ነገሮች አንዱ የገንዘብ ግምት ሳይሆን ክብደት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ሙዛፈር ሸሪፍና ባልደረቦቹ ሰዎች የተለያዩ ክብደቶችን እያነሡ ከቀላል እስከ ከባድ እንዲፈርጁ አደረጉ፤ ከዚያም ለማነጻጸሪያ የሚሆን አንድ ተጨማሪ ክብደት አመጡ። ማነጻጸሪያው ለሌሎቹ ቅርብ ሲሆን ፍርዱ ወደ እርሱ ተጠጋ፤ በጣም ሲርቅ ደግሞ ፍርዱ ሸሸው። ይህ የክንድና የስሜት ሕዋሳት ጉዳይ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር፤ ለገለጻውም አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። በሐሳብ ብቻ የሚሰጥ ግምትም እንዲሁ እንደሚጎተት ለማየት ከዐሥር ዓመት በላይ ወሰደ።

በ1969 ኢየሩሳሌም በሚገኘው ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል ካህነማን በሚያስተምረው ሴሚናር ላይ ባልደረባውን አሞስ ትቨርስኪን በእንግድነት ጋበዘው። ከዚያ የጀመረው ውይይት ለዓመታት የዘለቀ የጋራ ሥራ ሆነ። በ1971 ያወጡት የመጀመሪያ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ተራው ሕዝብ ሳይሆን ስለ ተመራማሪዎች ነው፤ በስታቲስቲክስ የሠለጠኑ ሰዎች እንኳ ከጥቂት ሰዎች የተገኘን ውጤት ከሚገባው በላይ እንደሚያምኑ አሳየ። በ1974 ደግሞ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ሰዎች እርግጠኛ ባልሆኑበት ጉዳይ የሚጠቀሙባቸውን አቋራጮች ዘረዘሩ። ከእነዚህ አንዱ ከመነሻ ቁጥር ተነሥቶ ማስተካከል ነው፤ ማስተካከያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል። ለዚህ ማስረጃ ካቀረቧቸው ሙከራዎች አንዱ የተሠራው በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ፣ በጥቁር ሰሌዳ ነው። ለአንዱ ቡድን 8 × 7 × 6 × 5 × 4 × 3 × 2 × 1 ተጻፈ፤ ለሌላው 1 × 2 × 3 × 4 × 5 × 6 × 7 × 8። ሁለቱም በአምስት ሰከንድ ውስጥ ብዜቱን እንዲገምቱ ተጠየቁ። በአምስት ሰከንድ የሚቻለው ከግራ ጀምሮ ሁለት ሦስት እርምጃ መሄድና የቀረውን በግምት መሙላት ብቻ ነው። ከ8 የጀመረው ሦስት ቁጥር ሲያባዛ 336 ላይ ይደርሳል፤ ከ1 የጀመረው አራት ቁጥር አባዝቶም ገና 24 ላይ ነው። የመጀመሪያው ቡድን መካከለኛ ግምት 2,250 ሲሆን የሁለተኛው 512 ሆነ። የጥያቄው ትርጉም አንድ ነው፤ የተለወጠው የትኛው ቁጥር ቀድሞ ዓይን ውስጥ መግባቱ ብቻ ነው። ትክክለኛው መልስ ስንት እንደሆነ አቅራቢው እስከ መጨረሻው ቢይዘው መልካም ነው። ቀድሞ ከተናገረው የክፍሉ ሐሳብ በሁለቱ ወገኖች መካከል ካለው ልዩነት ተነሥቶ፣ ምን ያህል ተሳሳትን ወደሚለው ይዞራል።

ገለጻው የሚጀመረውም ይህንኑ ሙከራ በክፍሉ ላይ በመሥራት ነው፤ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ሁለቱ ጥያቄዎች በሁለት ዓይነት ብጫቂ ወረቀት ላይ አስቀድመው ይጻፋሉ፤ እየተቀያየጡ ተገልብጠው ይታደላሉ፤ አቅራቢው ግለጡ ብሎ ጮክ ብሎ እስከ አምስት ይቆጥርና ጻፉ ይላል። ስልክም ሆነ ካልኩሌተር ከጠረጴዛ ላይ መነሣት አለበት። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው፣ አቅራቢው ወረቀት ማደል ሰልችቶት ስንት መሰላችሁ ብሎ በቃል ሲጠይቅ ነው፤ ከፊት ወንበር አንዱ አምስት ሺህ ካለ በኋላ የተቀረው ክፍል የሚገምተው ከዚያች አምስት ሺህ ተነሥቶ ነው፤ ሙከራው ሊያሳየው የነበረው ነገር ሙከራውን ራሱን አበላሸው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ግምቶቹን ደምሮ ማካፈል ነው። አንድ ተማሪ አንድ ሚሊዮን ብሎ ቢጽፍ የቡድኑ አማካይ ትርጉም ያጣል፤ ስለዚህ ወረቀቶቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረው መሐል ላይ ያለው ይወሰዳል፤ ሃያ አምስት ወረቀት ካለ ዐሥራ ሦስተኛው። ሦስተኛው የክፍሉ ማነስ ነው። በየወገኑ ስድስት ሰባት ተማሪ ብቻ ካለ ውጤቱ ተገልብጦም ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ አቅራቢው መደናገጥ የለበትም፤ የ1971ዱ ጽሑፍ የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ ነውና፣ ከጥቂት ሰው የተገኘ ውጤት ሕጉን አያፈርስም፣ አያጸናምም ብሎ ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ሰሌዳው ላይ ማስፈር ነው።

ወረቀቱ ተሰብስቦ ሲደረደር ከክፍሉ የሚሰማው የመጀመሪያው መቃወሚያ ግልጽ ነው። አምስት ሰከንድ ምን ያሳስባል? ተቻኩለን ነው እንጂ ተጎትተን አይደለም። ለዚህ መልስ የሚሆነው በዚያው የ1974 ጽሑፍ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ሙከራ ነው። ካህነማንና ትቨርስኪ ከ0 እስከ 100 ቁጥር የተጻፈበት የዕድል መንኮራኩር አዘጋጁ፤ በተሳታፊው ፊት ይሽከረከርና ይቆማል። ተሳታፊዎቹ ያላወቁት መንኮራኩሩ በ10 ወይም በ65 ላይ ብቻ እንዲቆም የተሠራ መሆኑን ነው። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ይቀርባል። በመጀመሪያ፣ ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ድርሻ በመቶኛ ሲሰላ ከዚህ ቁጥር ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ቀጥሎ፣ ድርሻቸው ስንት ነው ትላላችሁ? መንኮራኩሩ 10 ላይ የቆመላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሲሆን፣ 65 ላይ የቆመላቸው 45 አሉ። እዚህ ላይ የአምስት ሰከንድ ገደብ የለም። ለትክክለኛ ግምት ገንዘብ እንደሚከፈል ሲነገራቸውም መጎተቱ አልቀነሰም፤ ስለዚህ ግድ የለሽነት ነው የሚለውም ማብራሪያ አይቆምም።

ጥያቄው ስለ አፍሪካ መሆኑ ለእኛ አድማጭ ሌላ ትርጉም አለው፤ ለማስተማርም ይጠቅማል። በ1945 ድርጅቱ ሲመሠረት ከ51ዱ መሥራች አባላት አራቱ ብቻ አፍሪካውያን ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ። በ1960 ብቻ 16 አዳዲስ የአፍሪካ አገሮች ገቡ። ስለዚህ ጥያቄው ለአሜሪካ ተማሪዎች በቀረበበት ጊዜ ቁጥሩ በቅርቡ የተለወጠ፣ ብዙዎች በደፈናው ብቻ የሚያውቁት ነበር፤ መልሕቅም የሚይዘው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ አጥርተን በምናውቀው ሳይሆን በደፈናው በምናውቀው። ዛሬ 54 የአፍሪካ አገሮች ከ193 አባላት መካከል ናቸው፤ ወደ 28 በመቶ ይሆናል። ይህን በቃሉ የያዘ የአዲስ አበባ ተማሪ በመንኮራኩሩ አይጎተትም። ወዲያውም ሁለተኛው መቃወሚያ ከዚህ ይወለዳል፤ እንግዲያው ችግሩ አለማወቅ ነው፣ ዐዋቂ ሰው አይያዝም የሚል። ይህ መቃወሚያ ከሁሉ የበረታ ነው፤ ለዚህም ከዐሥሩ ደቂቃ ሁለት ሙሉ ደቂቃ ይገባዋል።

መልሱ የመጣው በ1987 ከአሪዞና ነው። ግሪጎሪ ኖርዝክራፍትና ማርጋሬት ኒል በቱሳን ከተማ ለሽያጭ የቀረበ እውነተኛ ቤት መረጡ፤ በዋጋ ገማቾች የተተመነው 74,900 ዶላር ነበር። ከዚያም ቤት ማሻሻጥ እንጀራቸው የሆነ ባለሙያዎችና ስለ ቤት ዋጋ ልምድ የሌላቸው ተማሪዎች ቤቱን ገብተው አዩት፤ ስለ ስፋቱ፣ ስለ ይዞታው፣ በአካባቢው ስለተሸጡ ሌሎች ቤቶች የሚናገር ሰነድም ተሰጣቸው። ሰነዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ የተለየው ሻጩ ጠየቀ የተባለው ዋጋ ብቻ ነው። ከተሰጡት የተለያዩ ዋጋዎች ዝቅተኛው 65,900፣ ከፍተኛው 83,900 ነበር። ቤቱ በእርግጥ ስንት ያወጣል ተብለው ሲጠየቁ፣ ዝቅተኛውን ያዩት ባለሙያዎች በአማካይ 67,811 ዶላር፣ ከፍተኛውን ያዩት 75,190 ዶላር አሉ። ይህን ሰሌዳ ላይ ማስላት ያስፈልጋል። በሁለቱ የተጠየቁ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት 18,000 ነው፤ በግምቶቹ መካከል ያለው 7,379። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስናካፍል 41 በመቶ እናገኛለን። ባለሙያው ጨርሶ ባይጎተት ኖሮ ዜሮ ይሆን ነበር፤ የተነገረውን ዋጋ እንዳለ ቢቀበል መቶ። ልምድ የሌላቸው ተማሪዎች በዚሁ ስሌት 48 በመቶ ተጎተቱ። የዓመታት ሥራ የገዛው ልዩነት ሰባት መቶኛ ነጥብ ብቻ ነው ማለት ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው ግን ሌላው ግኝት ነው። ተማሪዎቹ የተጠየቀው ዋጋ እንደነካቸው ሲያምኑ፣ ባለሙያዎቹ ግን ግምታችን ከሙያችን የመጣ ነው ብለው ተከራከሩ። እየዋሹ ላይሆን ይችላል፤ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ወጥ ቤቱ፣ ስለ ሰፈሩ የሚቀርብ ምክንያት ሁሉ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። የተጎተተው ምክንያት ከመቅረቡ በፊት ነበር፤ የትኞቹ ምክንያቶች ጎልተው እንደሚታዩ የወሰነው መልሕቁ ነው።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መመለስ ያለበት መቃወሚያ አለ፤ ገበያ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያነሣዋል። ሻጭ የሚጠራው ዋጋ እኮ ባዶ ቁጥር አይደለም፤ ዕቃውን የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ቁጥሩን መነሻ ማድረግ ብልኅነት እንጂ ዝንፈት አይሆንም። በተለይ ዋጋ ተከራክሮ መግዛት ልማድ በሆነበት አገር፣ ሻጭ አስወድዶ እንደሚጠራ ገዢም አሳንሶ እንደሚጀምር ሁለቱም ያውቃሉ፤ መጨረሻውን ንገረኝ የሚባለውም ለዚሁ ነው። መቃወሚያው ከፊል እውነት አለው። የተጠራ ዋጋ መረጃ ሊይዝ ይችላል፤ የቱሳኑም ሙከራ ብቻውን ይህን አያስተባብልም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፣ ምንም መረጃ እንደሌለው የሚታወቅ ቁጥርስ ይጎትታል ወይ የሚለው ነው። በ1997 ፍሪትዝ ስትራክና ቶማስ ሙስቫይለር በጀርመን ይህን በጥሬው ጠየቁ። ለአንዳንዶቹ ማሕተማ ጋንዲ የሞቱት ከ9 ዓመታቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ አሉ፤ ለሌሎቹ ከ140 ዓመታቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ። የጋንዲን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ሁሉ በዘጠኝ ዓመት እንዳልሞቱ ያውቃል፤ 140 ዓመት የኖረ ሰው እንደሌለም ያውቃል። እንዲያም ሆኖ በስንት ዓመታቸው ሞቱ ሲባል የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 50፣ ሁለተኛዎቹ 67 ያህል ገመቱ። ጋንዲ የተገደሉት በ78 ዓመታቸው ነው።

የስትራክና የሙስቫይለር ማብራሪያ ከመነሻ ተነሥቶ ማስተካከል ከሚለው ይለያል፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለየቀኑ ኑሮ የሚጠቅመውም እርሱ ይመስለኛል። ይህ ነገር ከዚህ ቁጥር ይበልጣል ወይ ተብለን ስንጠየቅ፣ ለመመለስ ያህል ነገሩ በዚያ ቁጥር ልክ ቢሆን ምን እንደሚመስል ለአፍታ እናስባለን። ያች አፍታ ከትዝታችን ውስጥ ቁጥሩን የሚደግፈውን ትቀሰቅሳለች። ስለ 140 የተጠየቀ ሰው የሽማግሌውን መነጽር፣ ምርኩዝና የከሳ ገላ ያስባል፤ ቁጥሩን ቢጥለውም የቀሰቀሰው ሥዕል ይቀራል። ቤት ገማቹም እንዲሁ ነው፤ ከፍ ያለ ዋጋ ሰምቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ዋጋውን የሚያስረዳውን ነው፤ ዝቅ ያለ ሲሰማ ስንጥቁንና እርጥበቱን። ዕውቀት ብቻውን የማያድነውም ለዚህ ነው፤ ብዙ የሚያውቅ ሰው ለማንኛውም ቁጥር የሚሆን ማስረጃ ከሌላው አብልጦ አለውና።

ማብራሪያው ትክክል ከሆነ መድኃኒቱም ከእርሱ መውጣት አለበት፤ ቁጥሩን የሚቃወመውን ማስረጃ ሆን ብሎ መጥራት። ሙስቫይለር፣ ስትራክና ቲም ፋይፈር ይህን በ2000 ባወጡት ጥናት ፈተኑት። አንድ አሮጌ ኦፔል ካዴት መኪና ወደ ጀርመን ጋራዦችና መኪና ሻጮች ይዘው ሄዱ። ባለቤት ነኝ ያለው ሰው መኪናውን ልሸጥ ነው ብሎ፣ 2,800 ማርክ ያወጣል ብዬ አስባለሁ ወይም 5,000 ያወጣል ብዬ አስባለሁ እያለ፣ መኪናው ፊት ለፊታቸው የቆመላቸውን ባለሙያዎች ዋጋውን ጠየቃቸው። እንደተጠበቀው 5,000 የሰሙት ከፍ አድርገው ገመቱ። ለግማሾቹ ግን አንድ ጥያቄ ተጨመረ። አንድ ወዳጄ ይህ ዋጋ ልክ አይደለም ብሎኛል፤ ዋጋውን የሚቃወም ምን ነገር ታያላችሁ? ምክንያቶቹን እንዲዘረዝሩ የተጠየቁት ባለሙያዎች በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሳዩት ልዩነት በግልጽ ጠበበ። ተጠንቀቁ፣ እንዳትጎተቱ ማለት ብቻውን ያን ያህል አይረዳም፤ ሰው ከምን እንደሚጠነቀቅ ቢያውቅም በየት በኩል እንደሚጎተት አያየውም። የሚረዳው እጅ ላይ የሚሠራ ነገር ነው። ዝገቱን ቁጠር፣ ጎማውን እይ፣ ዋጋውን የሚያወርደውን ሦስት ነገር ጻፍ።

በ2006 የወጣው የቢርተ ኤንግሊሽና የባልደረቦቿ ጥናት የቀረውን ጥርጣሬ ወደ ችሎት ወሰደው። የሕግ ባለሙያዎች ከሱቅ ዕቃ በሰረቀች ሴት ላይ የተዘጋጀ መዝገብ አነበቡ፤ ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ የጠየቀው ቅጣት ስንት ወር እንደሆነ ለመወሰን ራሳቸው ዳይ ጣሉ። ዳዮቹ ድምራቸው 3 ወይም 9 ብቻ እንዲሆን ተደርገው የተሠሩ ነበሩ፤ ቁጥሩ ከዕድል እንጂ ከወንጀሉ እንዳልመጣ ግን እጃቸው ያውቀዋል። 9 የወጣላቸው ወደ 8 ወር፣ 3 የወጣላቸው ወደ 5 ወር እስራት ተገቢ ነው አሉ። ቁጥሩ ፍንጭ ነው የሚለው መቃወሚያ እዚህ ላይ መቆሚያ ያጣል። እርግጥ ይህ በወረቀት ላይ የተፈረደ እንጂ የእውነተኛ ችሎት ውሳኔ አይደለም፤ በእውነተኛ ችሎት ተከላካይ ጠበቃ አለ፣ ይግባኝ አለ። ቢሆንም ዐቃቤ ሕግ ቀድሞ በሚናገርበት ሥርዓት ውስጥ ማን ቀድሞ ቁጥር ይጥራ የሚለው የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

የመጨረሻው መቃወሚያ በቅርብ ጊዜ የመጣ ነው፤ ሥነ ልቦናን የተከታተለ ተማሪ ያነሣዋል። ከ2011 ወዲህ በዚህ ሙያ ብዙ ዝነኛ ሙከራዎች ተደግመው ሲሠሩ ውጤታቸው ጠፋ፤ ይህስ ከእነዚያ አንዱ ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልስም አለው። በ2014 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት 13 የታወቁ ግኝቶችን በ36 የተለያዩ ቦታዎችና ቡድኖች፣ በድምሩ ከ6,000 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ደግሞ ሞከረ። አንዳንዶቹ ግኝቶች አልተገኙም። የመልሕቅ ሙከራዎቹ ግን፣ የኤቨረስት ተራራ ከፍታን የመሳሰሉ ጥያቄዎች የቀረቡባቸው፣ ቀድሞ ከተዘገበው በላይ በርትተው ወጡ። ይህ ማለት ስለ መልሕቅ የተጻፈው ሁሉ ጸንቷል ማለት አይደለም። ሰው ሳያነጻጽር በአጠገቡ ያለፈ ቁጥር ብቻ፣ ለምሳሌ በማሊያ ላይ የተጻፈ፣ ግምቱን ይስባል የሚለው አባባል በኋላ ሲፈተሽ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። የጸናው፣ ሰውዬው ቁጥሩን ይዞ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብሎ እንዲያስብ ሲደረግ የሚሆነው ነው። አቅራቢው ይህን ድንበር ቢናገር የገለጻው ተአማኒነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

በዚህ ጊዜ ከዐሥሩ ደቂቃ ሁለት ያህል ቀርተዋል። ለእነዚህ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያውን የብዜት ጥያቄ ነው። አቅራቢው በየወገኑ ያገኘውን መካከለኛ ግምት ጎን ለጎን ይጽፋል፤ ከ8 የጀመሩት ትልቁን ይዘዋል፤ ክፍሉ ይህን ሁሉ ታሪክ ሰምቶ ሲያበቃ የተጎተቱት ከ1 የጀመሩት ብቻ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ሌላ ብጫቂ ወረቀት ይታደልና ግምታችሁ በጣም አንሷል ብላችሁ ብታስቡ ምን ምክንያት ታቀርባላችሁ ተብሎ ሃያ ሰከንድ ይሰጣል፤ ከዚያም ሁሉም አዲስ ቁጥር ይጻፍ። አንዳንዱ 8 በ7 ሃምሳ ስድስት፣ በ6 ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት፣ ገና 5 እና 4 አሉ፣ በሃያ እንኳ ቢባዛ ከስድስት ሺህ ያልፋል ብሎ በራሱ ይደርስበታል። ወረቀቱ ሲሰበሰብ እስከ አሁን የተያዘው መልስ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፤ 40,320። በ1974ቱ ሙከራ 512 ያሉትም፣ 2,250 ያሉትም፣ ሁለቱም ወገኖች ከዚህ በእጅጉ በታች ነበሩ። ትልቁን ቁጥር የጻፉት ከትንሹ ጋር ሲነጻጸሩ የተሻሉ መስለው ታዩ እንጂ እነርሱም መልሕቃቸው ላይ ታስረው ነበር።